«ይሸፍናል» ካላችሁ በጽሑፍ ላኩልኝ

ልንጀምር ያሰብነውን አዲስ ሥራ ፖሊሲያችን ይሸፍናል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ኢንሹራንስ ድርጅታችን ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነበረች። ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አዎ፣ ይሸፍናል፣ ምንም ችግር የለውም» አለችኝ። አመስግኜ ልዘጋ ስል የሆነ ነገር ሽው አለብኝ። «እሺ፣ እንደዚሁ ብለው በኢሜይል ይጻፉልኝ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዝምታው በኋላ የመጣው ድምፅ ቅድም የነበረው አይደለም። «እሱን እንኳን እኛ አንጽፍም፤ የሚመለከተው ክፍል ነው የሚጽፈው» አለች።

ይቺ ዝምታ ናት ስትከነክነኝ የከረመችው። ልጅቷ ዋሽታኛለች እያልኩ አይደለም። መሸፈኑን ከልቧ አምና ሊሆን ይችላል። ግን በአፏ ስትለው የቀለላት ነገር በጽሑፍ ሲሆን ከከበዳት፣ መጀመሪያውኑ የሰጠችኝ መልስ ሳይሆን መልካም ምኞት ነበር ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባልደረባዬ የብረት ሥራ ወርክሾፕ አለን። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ደንበኛው ከግቢያችን ጭኖ ይወስዳል፣ ተከላውን ሌላ ሰው ይሠራለታል። አንድ ደንበኛ ግን «እናንተው ሠርታችሁ እናንተው ግጠሙልኝ፣ ከሁለት ሰው ጋር አታጨቃጭቁኝ» አለ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ገንዘቡም ጥሩ ነው። ሥራው ግን የሰው ሕንፃ ውስጥ ገብቶ መቦርቦር፣ መቁረጥና መበየድ ነው። ባልደረባዬ ስለ ኢንሹራንሱ ሳነሳበት «ፖሊሲ አለን አይደል እንዴ? አረቦኑን በጊዜው እንከፍላለን። ምን ታካብዳለህ?» አለኝ።

## ማንም የማያነባት መስመር

ፖሊሲውን አወጣሁት። የፖሊሲ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ሼጁል የሚሉት ሰንጠረዥ አለ። ስም፣ አድራሻ፣ የሽፋን ጊዜ፣ የገንዘቡ መጠን እዚያ ላይ ነው። በመሃል ደግሞ «የሥራው ዓይነት» የምትል አንዲት መስመር አለች። የእኛው ላይ «የብረት በርና መስኮት ማምረቻ ወርክሾፕ» ይላል። ከጎኑ የወርክሾፑ አድራሻ አለ። በቃ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች በሙሉ የተንጠለጠሉት በዚህች መስመር ላይ ነው። በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንከፍላለን ሲል፣ «ከተገለጸው ሥራ ጋር በተያያዘ» የሚል ቃል አብሮት አለ። የተገለጸው ሥራ ማምረት ነው። መግጠም ማምረት ነው ወይ? እኔ ነው እላለሁ። የካሳ ክፍል ሰው አይደለም ይላል። ሁለታችንም የምንናገረው ነገር አለን፣ ችግሩም እሱ ነው። ክርክሩ የሚነሳው የሰው ቤት ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይደለም እንዲህ የሚጠብበው። ፎርሙን ስንሞላ ግምት የወሰደው ስለ ወርክሾፕ ነው። የሲሚንቶ ወለል፣ የብረት ጣሪያ፣ በየቦታው የእሳት ማጥፊያ፣ ሰው የማይኖርበት ግቢ። አረቦኑ የተሰላው በዚህ ነው። የሰው መኖሪያ ውስጥ መጋረጃና ምንጣፍ አጠገብ መበየድ ሌላ ዓይነት አደጋ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ቀጥዬ የማይሸፈኑ ጉዳዮች የተዘረዘሩበትን ገጽ አነበብኩ። እዚያ «ከተመዘገበው አድራሻ ውጭ በሚከናወን ብየዳ፣ ቆረጣ ወይም እሳትና ሙቀት በሚጠቀም ሥራ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት፣ በኢንዶርስመንት ካልተፈቀደ በስተቀር» የሚል አለ። ኢንዶርስመንት ማለት ፖሊሲው ላይ የሚጨመር፣ ቁጥርና ፊርማ ያለው ማሻሻያ ነው። እኛ ልንጀምረው የነበረው ሥራ ቃል በቃል እዚያ ተጽፏል። ልጅቷ «ምንም ችግር የለውም» ስትለኝ ይህ ገጽ ከፊቷ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ። ፖሊሲ እያየች ሳይሆን ጥያቄዬን እየሰማች ነበር የመለሰችልኝ።

## መልስ የሚመስል ደብዳቤ

ባልደረባዬ ነገሩን በፍጥነት ሊገላግለው ፈልጎ ሁለት መስመር ጽፎ ላከ። «የተከላ ሥራ ልንጀምር ስለሆነ ፖሊሲያችን እንደሚሸፍነን አረጋግጡልን» የሚል። መልሱ መጣ። የድርጅቱ ራስጌ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። እንዲህ ይላል፦

«ከላይ ቁጥሩ የተጠቀሰው ፖሊሲ በሽፋን ዘመኑ የጸና መሆኑን እናረጋግጣለን። ሽፋኑ በፖሊሲው ውሎች፣ ሁኔታዎችና ገደቦች መሠረት ተፈጻሚ ይሆናል። ስላሳወቁን እናመሰግናለን።»

ባልደረባዬ ደስ አለው። «ይኸው! እናረጋግጣለን ይላል» ብሎ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። እኔ ግን ወረቀቱን አትሜ ቁጭ አልኩ። ካሳ ላለመክፈል ምክንያት የሚፈልግ ሰው ብሆን እንዴት አነበዋለሁ ብዬ አንድ በአንድ ሄድኩበት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፖሊሲው አልተቋረጠም ይላል። እሱን ማን ጠየቀ? አረቦን ከፍለናል፣ አለመቋረጡን እናውቃለን። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚሸፈነው በፖሊሲው ገደብ መሠረት ነው ይላል። ገደቡ ደግሞ ከአድራሻ ውጭ የሚደረገውን ብየዳ የሚከለክለው ራሱ ነው! እንግዲህ ይህ ዓረፍተ ነገር በትክክል ሲነበብ «አንሸፍንም» ማለት ይሆናል፣ በጨዋ ቋንቋ። ሦስተኛው ምስጋና ነው። ተከላ የሚለው ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም። ብየዳ የለም። ቀን የለም። ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ባነበው አዲሱ ሥራችን የትም አይገኝበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ጥያቄያችን ሰፊ ስለነበረ መልሱም ሰፊ ሆነ። «ይሸፍነናል ወይ» ብሎ ለጠየቀ ሰው «በውሉ መሠረት» ብሎ መመለስ ውሸት አይደለም። ማኅተሙ ደግሞ ጥያቄው እንደተመለሰ አስመስሎ ያስተኛል። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለመኖሩ መኖሩ የባሰ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ስለሆነ። «ነግሬያቸዋለሁ፣ አሳውቄያለሁ» ብሎ ሥራ መጀመር አለ። ማሳወቅ ትልቅ ነገር ነው። በ1766 ሎርድ ማንስፊልድ የሚባለው የእንግሊዝ ዳኛ የፈረደው አንድ የታወቀ ክርክር አለ። ካርተር የሚባል የሱማትራ ምሽግ ገዥ ምሽጉ በጠላት ቢያዝ ካሳ የሚያስገኝ ውል ገብቶ ነበር፣ ፈረንሳዮች በ1760 ያዙት። ኢንሹራንስ የሰጠው ሰው የምሽጉን ድክመት ደብቀኸኛል ብሎ አልከፍልም አለ፣ ተሸነፈም። ማንስፊልድ ኢንሹራንስ የገባው ሰው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መንገር አለበት፣ ኢንሹራንስ ሰጪው የሚያውቀውን ወይም ማወቅ የሚገባውን ግን መንገር አይጠበቅበትም አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሳወቅ ግዴታ ሲነሳ ይህ ክርክር ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ግን ልብ በሉ፣ የካርተር ምሽግ ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ ነበር። የተከራከሩት ስለ መደበቅ ነው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ከውሉ ውጭ ያለን ሥራ ለኢንሹራንሱ ስለነገርከው ብቻ ውሉ ውስጥ አይገባም። ደብቀኸኛል ከመባል ትድን ይሆናል፣ ካሳ ግን አታገኝም። ብዙ ፖሊሲዎች ላይ ደግሞ ይህ ውል በኢንዶርስመንት ካልሆነ በስተቀር አይሻሻልም የሚል አንቀጽ አለ። የእኛው ላይም አለ፣ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል።

ደንበኞች የሚጠይቁት የኢንሹራንስ ሰርተፍኬትም ከዚህ አያልፍም። ፖሊሲ መኖሩን ያሳያል እንጂ ሽፋኑን አይለውጥም፤ ብዙ ጊዜ ሰርተፍኬቱ ራሱ ይህንኑ ከታች ጽፎታል።

## ጥያቄውን እኔ ጻፍኩት

ባልደረባዬ «አሁን ደግሞ ምን ልትላቸው ነው?» አለኝ። መልሱ ሊያመልጥ እንዳይችል አድርጌ ነው የምጠይቀው አልኩት። መጀመሪያ ሥራውን ምንም ሳላሳምር ጻፍኩት። ማሳነስ እንደሚያጓጓ አልክድም። «ቀላል ተከላ» ብል አረቦኑ የሚቀንስ ይመስላል። ግን ቀላል ተከላ ብለው ከፈቀዱልኝ የተፈቀደልኝ ቀላል ተከላ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መበየድ አይደለም። የላክሁት ዋናው ክፍል ይኸው፦

«በዚሁ ፖሊሲ ሥር የሚከተለውን አዲስ ሥራ ለመጀመር አስበናል። ያመረትናቸውን የብረት በሮች፣ መስኮቶችና የደረጃ መደገፊያዎች በደንበኞች ሕንፃ ላይ እንገጥማለን። ከሕንፃዎቹ በግንባታ ላይ ያሉም ሰው የሚኖርባቸውም አሉ። ቦታው ላይ ግድግዳ እንቦረቡራለን፣ በግራይንደር እንቆርጣለን፣ በኤሌክትሪክ ብየዳ እንበይዳለን። የምንሠራበት ከፍታ ከመሬት እስከ 12 ሜትር ነው። ሥራውን የሚሠሩት ቋሚ ሠራተኞቻችን ሲሆኑ አልፎ አልፎ በኮንትራት የሚሠሩ በያጆች እንጨምራለን። ሥራው ከዓመት ገቢያችን ሩብ ያህል ይሆናል ብለን እንገምታለን። ሥራውን አልጀመርንም፤ የምንጀምረው ከእናንተ የጽሑፍ መልስ ስናገኝ ነው።»

ከዚያ ጥያቄዎቹ። ይህ ሥራ በሼጁሉ ላይ በተጻፈው የሥራ ዓይነት ውስጥ ይካተታል ወይስ አይካተትም? ካልተካተተ በኢንዶርስመንት ታካትቱታላችሁ ወይ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በምን ተጨማሪ አረቦን? ከአድራሻ ውጭ ብየዳን የሚከለክለው አንቀጽ ይነሳል ወይስ ይቆያል? ከተነሳ በምን ሁኔታ? አንቀጹን በቁጥሩ ጠቅሼ ነው የጠየቅሁት። በቁጥር የተጠየቀ አንቀጽ ላይ «በውሉ መሠረት» ብሎ መመለስ ያሳፍራል።

መጨረሻ ላይ መልሱ አንደርራይተሩ በሚገኝበት ክፍል እንዲሰጠን ጠየቅሁ። ፖሊሲ የሸጠልህ ሰው መሸጥ ነው ሥራው። ደላላ ካለህ ደላላው ብዙ ያውቃል፣ ደብዳቤውንም ከአንተ አሳምሮ ይጽፈዋል፣ ግን ደላላው ይሸፍናል ስላለ ኢንሹራንሱም ይሸፍናል ብሏል ማለት አይደለም። አደጋን ተቀብሎ ዋጋ የሚያወጣው አንደርራይተሩ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ፤ እዚህ ላይ ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው የሚለውም እኩል ይመዝናል።

መልሱ ቆየ። ባልደረባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። «እስከዚያው ብየዳ የሌለበትን፣ በብሎን ብቻ የሚታሰረውን እንጀምር» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይመስልም። ግን የሥራው ዓይነት መስመር አሁንም ማምረቻ ነው የሚለው። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ቢወድቅና ሰው ቢጎዳ፣ በብሎን ታሰረ በብየዳ ምን ለውጥ አለው? «ካልመለሱልን እኮ ተስማምተዋል ማለት ነው» ሲልም ሞከረኝ። ዝምታ በሠርግ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም፣ ኢንሹራንስ ላይ ግን አይሠራም። ደንበኛውን ደውዬ ቀኑን ገፋሁት። አኮረፈ፣ ግን ቆየልኝ።

## አዎ፣ ግን

መጀመሪያ አንደርራይተሩ ራሱ ደወለ። ጥያቄዎቹ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነበሩ። በሥራው ቦታ እሳት የሚጠብቀው ማን ነው? ኮንትራት በያጆቹ የራሳቸው ኢንሹራንስ አላቸው ወይ? ግድግዳውና ጣሪያው ውስጥ እንጨት ወይም ፎም እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? የመጨረሻውን ስሰማ ይህ ሰው የተቃጠለ ሕንፃ ፋይል አንብቧል አልኩ በልቤ። የተነጋገርነውንም እዚያው ቀን ጽፌ በኢሜይል መለስኩለት፣ «እንዲህ ተነጋግረናል፣ የተሳሳተ ካለ ያርሙኝ» ብዬ።

ከዚያ ኢንዶርስመንቱ መጣ። የሥራው ዓይነት «የብረት በር፣ መስኮትና መደገፊያ ማምረትና በደንበኞች ቦታ መግጠም» ተብሎ ተቀየረ። የሚጸናበት ቀን ተጽፏል፣ ወደኋላ እንደማይሠራም ተጽፏል። አረቦኑ ጨመረ። የብየዳው ክልከላ ተነሳ፣ በምትኩ ግን ሁኔታዎች መጡ። በ11 ሜትር ዙሪያ ያለ ተቀጣጣይ ነገር ይነሳል፣ የማይነሳው እሳት በማይበላው ነገር ይሸፈናል። የእሳት ማጥፊያ እጅ በሚደርስበት ይቀመጣል። ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ለ60 ደቂቃ ቦታውን ይጠብቃል፣ ሰዓቱም በጽሑፍ ይያዛል።

ባልደረባዬ የ60 ደቂቃውን ሲያይ ሳቀ። «የጠፋ እሳት ይጠብቁ?» አለ። ግን የብየዳ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ዓይንህ እያየ አይነሳም። ፍንጣሪው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ አቧራ ወይም የእንጨት ስብርባሪ ላይ ያርፋል፣ ነበልባል ሳያወጣ ቀስ እያለ ይጨሳል፣ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ይነሳል። ኤንኤፍፒኤ 51ቢ የሚባለው የአሜሪካ የእሳት ደኅንነት መመሪያ ድሮ ይጠይቅ የነበረው 30 ደቂቃ ጥበቃ ነበር፣ በ2019 እትሙ አንድ ሰዓት አደረገው። የ11 ሜትሩም ዙሪያ እዚያው መመሪያ ውስጥ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት በቀጥታ ለእኛ ሥራ የተባለ ነው የሚመስለው።

ዋናው ግን እነዚህ ነገሮች ምክር አለመሆናቸው ነው። ኢንዶርስመንቱ ለካሳ ክፍያ ቅድመ ሁኔታ ናቸው ይላል። ጥበቃው ባልተመዘገበበት ቀን እሳት ቢነሳ፣ ያ ሁሉ መጻጻፍ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችንን ቀየርነው። የመጨረሻው ብየዳ ከመውጫ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ ያበቃል፣ በቀረው ጊዜ ቀለም መንካትና ማጽዳት ይሠራል፣ ጠባቂው ስሙንና ሰዓቱን የሚጽፍበት ደብተር አለ። ዋጋ ስንሰጥም ይህን ሰዓት አስልተን ነው።

«አይ» የተባልንባቸው ነገሮችም አሉ፣ እውነት ለመናገር ከ«አዎ»ው ይልቅ የጠቀሙኝ እነሱ ናቸው። ከፍታው 12 ሜትር ተጠይቆ 10 ሜትር ነው የተፈቀደው። በምንገጥምበት ጊዜ የሚበላሸው በር ራሱ አይሸፈንም፣ የሚሸፈነው በሩ የሚጎዳው ሌላ ነገርና ሰው ነው። ኮንትራት በያጆች የራሳቸውን ኢንሹራንስ ካላሳዩ በእኛ ሽፋን አይገቡም። የራሳችን ሠራተኞች ጉዳት ደግሞ በሌላ ፖሊሲ ነው፣ እዚያም «የወርክሾፕ በያጅ» ተብለው ስለተመዘገቡ ለብቻው መጠየቅ እንዳለብኝ አንደርራይተሩ ነገረኝ። ጠየቅሁ፣ ተስተካከለ። ይህን ሁሉ ከሥራው በፊት ማወቄ ኮንትራቱን ቀየረው፦ በሩ በተከላ ቢበላሽ ማን ይችላል የሚለውን ከደንበኛው ጋር ቀድመን ተዋዋልን።

ዓመቱ ሲያልቅ እድሳቱ መጣ። አዲሱን ሼጁል ከድሮው ጎን አስቀምጬ አነበብኩት። የሥራው ዓይነት ተመልሶ «የብረት በርና መስኮት ማምረቻ ወርክሾፕ» ሆኗል፣ የኢንዶርስመንቱ ቁጥርም ከዝርዝሩ ወጥቷል። ክፋት አይመስለኝም፣ አንድ ሰው የድሮውን ፎርም ገልብጦ ነው። የኢንዶርስመንቱን ኮፒ አያይዤ አጭር ኢሜይል ላክሁ፣ ታርሞ እስኪመጣ ተከላ አቆምን።

አሁን ደግሞ ሌላ ደንበኛ መጥቷል። የሱ ሕንፃ መደገፊያ የሚገጠመው 14 ሜትር ላይ ነው። ለአንደርራይተሩ ጽፌያለሁ፣ እስካሁን አልመለሰም። ለደንበኛው የሰጠሁት ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው አለ፣ የማምረቻ ጊዜው አለ፤ የተከላው ቀን በሚለው ቦታ ደግሞ «የኢንሹራንስ ማረጋገጫ በጽሑፍ ከደረሰ በኋላ» ይላል።